ለቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን በሙሉ

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ባለፈው እሁድ መዘምራኑ ለዝማሬ ሲነሡ በመካከላቸው ክፍተት ነበረ። ቤተ ክርስቲያናችን ስትከፈል ከእኛ ተለይተው የሄዱት ይቆሙበት የነበረውን ቦታ ማንም ጠጋ ብሎ አልሞላውም። ከአምልኮው በኋላ አንዲት እናት እጄን ይዘው፣ «መጋቢ፣ ልጄ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆንን፤ እንግዲህ ለየትኛው ወገን ልጸልይ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ፤ አብሬያቸው አለቀስሁ።

በደሌን አስቀድሜ ልናገር። በመጨረሻው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ወንድም ንግግሩን ሳይጨርስ አቋርጬዋለሁ። ያን ምሽት የተናገርሁት እውነት ቢሆንም እንኳ የተናገርሁበት መንፈስ የእረኛ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ መከፋፋታቸውን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 አልሸሸገውም። እኔን የሚያጽናናኝ ግን ከዓመታት በኋላ የሆነው ነው። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዞት እንዲመጣ ለመነው፤ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለ። አብሬው አልሄድም ያለውን ሰው ነው እኮ! በመካከሉ ስንት ጸሎት፣ ስንት ዝምታ እንዳለፈ አልተጻፈልንም። እኛም ምናልባት እንደ ቀድሞው በአንድ ጣሪያ ሥር አንሰበሰብ ይሆናል። ይህን ለእግዚአብሔር እተዋለሁ። አንዱ ሌላውን «ወንድሜ» ብሎ መጥራቱን ግን መተው አንችልም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ የሄዱትን «ከሃዲዎች»፣ የቀሩትን «ግትሮች» የሚሉ ቃላት ከአፋችንም ከስልካችንም ይጥፉ። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን የስብሰባ ቅጂ ለማንም አታስተላልፉ። ልጆቻችሁ ከሄዱት ልጆች ጋር እንዳይጫወቱ አትከልክሉ፤ በጠባችን ውስጥ እነርሱ የሉበትም። የድምፅ መሣሪያዎቹንና የሒሳቡን ጉዳይ ሽማግሌዎች ከሄዱት ጋር ተቀምጠው እየተነጋገሩበት ስለሆነ ውሳኔው እስኪነገራችሁ በትዕግሥት ጠብቁ።

ቅር የተሰኛችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ቁስላችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ፈገግ በሉ አልላችሁም። አንድነት እውነትን መደበቅ አይደለም። የሚያማችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ወይም ወደ ሽማግሌዎች ኑ፤ ሳናቋርጥ እንሰማችኋለን።

በዚህ እሁድ ሊወሰድ የነበረውን የጌታ እራት ለሁለት ሳምንት አራዝመነዋል። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏልና፣ እነዚህ ቀናት ስልክ የምንደውልባቸው፣ በር የምናንኳኳባቸው ይሁኑ። ለመሄድ አቅም ያነሰው ቢኖር ይንገረኝ፤ አብሬው እሄዳለሁ።

ረቡዕ ማታ ለጸሎት እንገናኝ። የሄዱትን በስማቸው እየጠራን እንጸልያለን።

በክርስቶስ ፍቅር፣
መጋቢያችሁ