ለመምህርት ሰብለ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም
አዲስ አበባ

ከ8ኛ ቢ ክፍል ወላጆች ኮሚቴ
ለመምህርት ሰብለ፣ የሒሳብ መምህርት

ጉዳዩ፦ ምስጋና፣ ከትንሽ ቅሬታ ጋር

ውድ መምህርት ሰብለ፣

እንደሚሄዱ የሰማነው ከልጆቻችን ነው። ማክሰኞ ማታ አንዷ እናት ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ቲቸር ሰብለ ትሄዳለች ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ስልካችን አላረፈም።

ቅሬታችንን እናስቀድምና እንገላገል። ሚኒስትሪ ሰኔ ላይ ነው። ገና አንደኛው ሴሚስተር ማለቁ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ከሰባተኛ ጀምሮ እርስዎን ለምደዋል፣ እና በዚህ ሰዓት መምህር መቀየር ለእኛም ለእነሱም ከባድ ነው። ምንም አልመሰለንም ብንል ውሸት ይሆናል። ግን ምክንያቱን ስንሰማ አፋችንን ያዝን። እናት ደሴ ተኝታ እዚህ ቾክ ይዞ የሚቆም ልጅ የለም። ማናችንም ብንሆን ይህንኑ ነበር የምናደርገው። እናትዎን ፈጣሪ ይማርልን።

አሁን ወደ ምስጋናው እንግባ።

ልጆቻችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የተማሩት በአማርኛ ነው። ሰባተኛ ሲገቡ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሆነ። ያኔ ስድስተኛ ላይ ጎበዝ የነበረ ልጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰነፈብን። አንዳንዶቻችን ቱቶር ፈለግን፣ አንዳንዶቻችን ቲቪ ዘጋን፣ አንዳንዱም ልጁን ተቆጣ። ችግሩ የት እንዳለ ያሳዩን እርስዎ ነዎት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ የፈተና ወረቀት አንስተው «ይሄ ልጅ ሒሳቡ አላቃተውም፤ ጥያቄው ነው ያልገባው» አሉን። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አንድ ደንብ እንደነበረ ልጆቹ ነግረውናል። እስክሪብቶ ከመነሳቱ በፊት አንድ ልጅ ተነስቶ ጥያቄው ምን እንደሚል ለጓደኞቹ በአማርኛ ይተርካል፤ የተሳሳተ ከተረከ ሌላው ያርመዋል፤ ስሌቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜ ይበላል። እርስዎ ግን አልቸኮሉም።

የአንዱን ልጅ የሰባተኛ ክፍል ደብተር ኮሚቴው ተቀባብሎ አይቶታል። ጥያቄው 1,500 ብር የሚያወጣ ጫማ 20 ፐርሰንት ሲቀንስ ስንት ይሸጣል የሚል ነው። ልጁ 300 ብሎ መልሷል። ሌላ መምህር ቢሆን በቀይ ኤክስ አድርጎ ያልፈው ነበር። እርስዎ ከሥሩ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ሒሳቡ ልክ ነው፤ የተጠየቅከውን ግን አልመለስክም። ባለሱቁ 300 ብር ቢቀበልህ ይከስራል» ብለው ጻፉ። ልጁ ራሱ ስቆ 1,200 ብሎ አስተካክሎታል። ሃምሳ ሁለት ደብተር እንዲህ እያነበቡ ማረም ምን ያህል ማታ እንደሚበላ መገመት አያቅተንም።

የመጽሐፉን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፣ መጽሐፉ ግን ለሁሉም አልደረሰም። «ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ አለ» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። እርስዎ ግን ስማርት ስልክ የሌለው ቤት የትኛው እንደሆነ ለይተው ያውቁ ነበር፣ ልጆቹንም በሰው ፊት ሳይጠሩ፣ ጥያቄዎቹን በእጅዎ እየጻፉ ፎቶ ኮፒ አስነስተው ደብተራቸው ውስጥ አጥፈው ይሰጧቸው ነበር። የኮፒውን ገንዘብ ኮሚቴው ልክፈል ሲል «ሌላ ጊዜ» አሉን። ያ ሌላ ጊዜ እስካሁን አልመጣም። ቆይ፣ እንመጣበታለን።

ለወላጆችም አስተምረዋል። ከኮሚቴያችን አንዷ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ እናት ናት። «እኔ ከአራተኛ ነው ያቋረጥኩት፣ ልጄን ምን ብዬ ላስጠናው?» ብላ ስትጠይቅዎት «ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ አስረዳኝ ብቻ ይበሉት፤ ሲንተባተብ ራሱ ሄዶ ደብተሩን ይገልጣል» አሏት። ዛሬ ልጁ ማታ ማታ ምጣዱ አጠገብ ቆሞ ስለ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ይለፈልፋል፤ እሷ ደግሞ እንጀራዋን እያወጣች «እ? ከዚያስ?» ትላለች። ሲያቅተው ሮጦ ሄዶ ያያል። ይህን ደብዳቤ ስንጽፍ «ይሄን ሳትጽፉ ብታልፉ አልፈርምም» ያለችው እሷ ናት።

የዕቁቡንም ጥያቄ አልረሳነውም። ለልጆቹ ዕቁብ ሒሳብ ሲሰጧቸው አንዷ ልጅ እናቷን የሰብሳቢዋን ደብተር ካላሳየሽኝ ብላ ሰፈር አስነስታ ነበር። የተሳሳተ ድምር አላገኘችም፤ ሰብሳቢዋ ግን አሁንም ልጅቷን ስታይ መንገድ ትቀይራለች።

ብቻ በጣም የነካን የመጨረሻው ሥራዎ ነው። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ለሚተካዎት መምህር ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት መስመር ጽፈው አስረክበዋል። ርዕሰ መምህሩ ለኮሚቴው የተወሰነውን አንብበውልናል። ነጥብ ወይም ደረጃ የለበትም። «ይቺ ልጅ ዝም ስትል ገብቷታል ማለት አይደለም፤ ጠጋ ብለው ይጠይቋት።» «ይሄ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ይደነግጣል፤ መቀመጫው ላይ ሆኖ ግን ሁሉንም ይሠራል።» ከእኛ መካከል የገዛ ልጁን እንዲህ በሁለት መስመር መግለጽ የሚችል ስንቱ ነው?

አዲሱን መምህር በሚገባ እንቀበላለን፣ ከእርስዎ ጋር እያወዳደርንም አናስቸግረውም። ቢያንስ እንሞክራለን።

ደሴም ሆነ ሌላ ቦታ ማስተማር ሲፈልጉ ይህንን ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ማሳየት ይችላሉ። ለሚመለከተው ሁሉ፦ መምህርት ሰብለ ልጆቻችንን ለአንድ ዓመት ተኩል ሒሳብ አስተምረዋል፤ ሰዓታቸውን ያከብራሉ፤ ልጅ አይሳደቡም፣ አይመቱም፤ ያልገባውን ልጅ ጥለው አያልፉም። ብትቀጥሯቸው አትጸጸቱም።

ነገ አርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቡና ተዘጋጅቷል። ድፎ ዳቦም አለ። ለእናትዎ የሚሆን ጋቢ ገዝተናል፤ ከእሱ ጋር አንዲት ፖስታም አለች። ፖስታዋን «አልቀበልም» እንደሚሉ ስለምናውቅ ከወዲሁ እንንገርዎት፦ ያ ያልተከፈለው የኮፒ ገንዘብ ነው። ትንሽ ወለድ ሳይኖረው አይቀርም፤ ስሌቱን ልጆቹ ናቸው የሠሩት፣ ስህተት ካለው እርስዎ ያርሙታል።

ከምስጋና ጋር
የ8ኛ ቢ ክፍል ወላጆች ኮሚቴ

ማሳሰቢያ፦ ከአባቶች አንዱ እሁድ ጠዋት በአይሱዙው ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሲሄድ ባዶውን ነው። አልጋም ቁምሳጥንም ካለ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተን እንጭናለን። ነገ ቡናው ላይ ቤቱ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ብቻ ይንገሩን፣ ስንት ሰው ይዘን እንደምንመጣ እንድናውቅ።