የባለድርሻ አካላት ትንተና፦ የጣና ዳርቻ የቢልሃርዚያ መከላከል ፕሮጀክት፣ ባሕር ዳርና ዘጌ

ለ፦ ፕሮጀክቱ አስተባባሪ ኮሚቴ አባላት
ከ፦ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ክፍል
ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከኮሚቴው የምንጠብቀው ሁለት ውሳኔ ነው። አንደኛ፣ ለታኅሣሥ የታቀደው የመድኃኒት ዕደላ ወደ የካቲት 2 እና 3 ይዛወር። ሁለተኛ፣ የታንኳ ሠሪዎችና የዓሣ አስጋሪዎች ተወካዮች በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ያለው ወንበር ይሰጣቸው። ሰነዱ ረዘም ያለው እነዚህን ሁለቱን ለማስረዳት ነው።

ሥራው ባጭሩ

ፕሮጀክቱ የሚሸፍነው የዘጌ ልሳነ ምድር ቀበሌዎችንና በባሕር ዳር ከተማ የሐይቁ ዳር ሰፈሮችን ነው። በሽታው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ውኃ ውስጥ ሲገባ ጥገኛ ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ለመያዝ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል።

ፕራዚኳንቴል የጎለመሰውን ትል ይገድላል፤ ዳግም መያዝን ግን አይከላከልም። ዛሬ የዋጠ ልጅ ነገ ሐይቁ ውስጥ ቢዋኝ መልሶ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ማደል የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መጸዳጃ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ቦታና የውኃ ዳር ልማድ ነው። ያ ደግሞ በጤና ባለሙያ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ባለድርሻው የበዛብን ለዚህ ነው።

እንዴት መዘንናቸው

ኃይልን በሥልጣን ወይም በማኅተም አልለካንም። የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ አካል «አይሆንም» ቢል ወይም ዝም ብሎ ቢቀር፣ በዕደላው ቀን ምን ይቀርብናል? ጀልባ? ልጆች? መድኃኒት? ፍላጎትን ስንለካ ደግሞ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚነካው አየን። ደግፎም ይሁን ተቃውሞ፣ ጉዳዩ የሚያሳስበው ሰው ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው። ደጋፊና ተቃዋሚን ለይተን ያየነው በኋላ ነው።

| | ፍላጎቱ ዝቅተኛ | ፍላጎቱ ከፍተኛ |
|---|---|---|
| ኃይሉ ከፍተኛ | የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት፤ የከተማው ትምህርት መምሪያ፤ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ | የክልሉ ጤና ቢሮና የከተማው ጤና መምሪያ፤ የዘጌ ገዳማትና አድባራት አስተዳዳሪዎች፤ የሞተር ጀልባ ባለቤቶች ማኅበር |
| ኃይሉ ዝቅተኛ | የሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ሎጆች፤ የጠበል ተጓዦች | ታንኳ ሠሪዎች፤ ዓሣ አስጋሪዎች፤ ልብስ አጣቢ እናቶች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፤ ተማሪዎች |

ሰንጠረዡ የኅዳርን ሁኔታ ያሳያል። ከታች በቀኝ ያለው ሳጥን ተጨናንቋል። በሽታው በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ድምፃቸው ዝቅ ባለበት ሳጥን ውስጥ ናቸው። በተለመደው አሠራር ይህ ሳጥን «እያሳወቅን የምንሄድ» ይባልና ፖስተር ተለጥፎላቸው ያበቃል። እዚህ ግን ፖስተር አይበቃም።

ቀኑን የሚወስነው ማን ነው?

በወረቀት ላይ የዕደላውን ቀን የሚቆርጠው ጤና መምሪያ ነው። በተግባር ግን የሚቆርጠው ጾም ነው።

ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ሲዋጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ይበዛል። ስለዚህ ልጁ በልቶ መምጣት አለበት። የታኅሣሡ ዕቅድ የገባው ደግሞ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ። በዘጌ ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ እስከ ቀትር በኋላ ይጾማሉ። እናት ልጇን ጾም አስፈትታ ክኒን እንድታስውጥ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ብትሸሽግና በባዶ ሆድ ብታስውጠው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጅ ካስመለሰ፣ ወሬው ከምሳ ሰዓት በፊት ሌላ ቀበሌ ይደርሳል። «የማምከኛ መድኃኒት ነው» የሚለው ሹክሹክታም የሚነሳው ያኔ ነው።

ቀን መቁጠሪያውን ይዘን ስንቀመጥ ያገኘነው ክፍተት ጠባብ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ጾመ ነነዌ ከጥር 25 እስከ 27። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። ረመዳንም በዚያው ሰሞን፣ የካቲት 11 ገደማ ይጀምራል። በጾመ ነነዌና በዐቢይ ጾም መካከል ካለው ሳምንት ረቡዕና ዓርብን ስናወጣ ለዋናው ዕደላ የካቲት 2 ሰኞና የካቲት 3 ማክሰኞ ይመቻሉ። ለቀሩት ሰዎች ማሟያ የካቲት 5 ሐሙስ ይሁን። ዕለቱ የአቦ ነውና ብዙ ሰው ሥራ ስለማይወጣ ቤቱ ይገኛል። የመንፈቅ ዓመት ዕረፍቱ እነዚህን ቀናት እንዳይነካ ግን ከትምህርት መምሪያው በጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለብን።

ገዳማቱን በቀኝ በላይኛው ሳጥን ያስቀመጥናቸው ለዚህ ብቻ አይደለም። ዘጌ በአባቶች ቃል የሚተዳደር ምድር ነው። ሞፈር አይገባም፣ ከብት አይረባም፤ ደኑ ቡናውን ጥላ አድርጎ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። አንድ አስተዳዳሪ ከቅዳሴ በኋላ «ልጆቻችሁን አብልታችሁ አምጡ» ቢሉ፣ የኛን የአንድ ወር ቅስቀሳ ያህል ይሠራል። ስለዚህ ወደ አባቶች የምንሄደው በድምፅ ማጉያ እንዲያስነግሩልን ብቻ ሳይሆን ቀኑን አብረውን እንዲመርጡ ነው። የሚሄደውም የፕሮጀክቱ ሹፌርና ደብዳቤው ብቻ አይሁን። አስተባባሪው ራሱ ይሂድ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ስለ ጠበል ክርክር አይነሳ። ጠበሉም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ ብለን ነው የምንናገረው፤ አባቶችም ሲጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ታንኳ ሠሪዎችና ዓሣ አስጋሪዎች

እዚህ ላይ ሰንጠረዡ ያሳስታል። ታንኳ ሠሪዎቹ የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ለታንኳው የሚሆነውን ደንገል የሚያጭዱት ወገብ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ነው። አጭደው፣ አስረው፣ እየጎተቱ ያወጡታል። የባሰው ደግሞ ትሉ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ሰውም ውኃ ውስጥ የሚገኘው ያኔ ነው። መረብ የሚጥለው ዓሣ አስጋሪም እንዲሁ ነው። «ውኃ ውስጥ አትግቡ» ማለት «አትብሉ» ማለት ነው። የተዘጋጀው በራሪ ወረቀት የሚለው ግን ይህንኑ ነው። ይስተካከል።

ዕደላው ትምህርት ቤት ላይ ብቻ ከሆነ እነዚህ ሰዎች አይገኙም። አዋቂዎች ናቸው። ብዙ ልጆቻቸውም ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ የስርጭቱ መጠን 10 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሁሉ እንዲታከሙ መክሯል። ስለዚህ ጥያቄያችን ከመመሪያ የወጣ አይደለም። የሚያስፈልገው የመድኃኒት ጥያቄው አዋቂዎችንም ቆጥሮ እንዲቀርብ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ጤና መምሪያው ነው።

ሌላም አለ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚነገር ማስታወቂያ አይደርሰውም። ለዘመናት ከሌላው ተገልሎ የኖረ፣ ከተማው ወደ ሐይቁ በተስፋፋ ቁጥርም ቦታው የጠበበበት ማኅበረሰብ ነው። ባለ መዝገብ ሰው ሰፈሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠረጥረው «ልታስነሱን ነው?» ብሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከሽማግሌዎችና ከመስጊዱ ኢማም ጋር እንነጋገር። ቤት ቆጠራው ከዚያ በኋላ ይሁን። በምዝገባ ቅጹ ላይ ያለው «የቤት ይዞታ» የሚለው ጥያቄም ይውጣ። ለቢልሃርዚያ ምንም አይጠቅምም፤ ሰው ግን ያስበረግጋል።

በኮሚቴው ወንበር ስንሰጣቸው ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህ ለደግነት አይደለም። ቀንድ አውጣው የትኛው ደንገል ሥር እንደሚበዛና ሰው የት እንደሚጸዳዳ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጀልባና ሆቴል

የሞተር ጀልባ ባለቤቶች ማኅበር የመከላከል ሥራውን ይቃወማል ማለት አይቻልም፤ የሚቃወመው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን ነው። ወደብ ላይ «ቢልሃርዚያ አለ» የሚል ሰሌዳ ቢተከል እንግዳ ይሸሻል ብለው ይሰጋሉ። ባለፉት ዓመታት ገበያው ቀዝቅዞባቸዋል፤ ስጋታቸው መሠረት አለው። ያለ እነሱ ጀልባ ደግሞ መድኃኒቱን በጊዜ ማዳረስ ይከብደናል። የምናቀርበው ድርድር ይህ ነው፦ ሰሌዳው ወደብ ላይ ሳይሆን ልብስ በሚታጠብበትና ልጆች በሚዋኙበት ቦታ ይተከል፤ ጀልባውን በነዳጅ ዋጋ ያቅርቡልን፤ ጀልባ ነጂዎቹም ከነቤተሰባቸው ይታከሙ። ነጂው ጀልባ ሲያስጠጋ ውኃ ውስጥ የሚገባው በባዶ እግሩ ነው። ይህን ሲሰሙ ነገሩ የራሳቸውም ይሆናል።

ሆቴሎቹን ለጊዜው በርቀት መከታተል ይበቃል። የፍሳሽ አወጋገድ ጉዳይ ከተነሳ ግን በአንድ ቀን ወደ ላይኛው ሳጥን ይወጣሉ። ያን በር በዚህ ዙር አንከፍትም።

የቀሩት

የጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ስለ ትል ግድ የለውም፤ ጀልባ አይነሳም ካለ ግን አይነሳም። ከሁለት ሳምንት በፊት የሰውና የጉዞ ዝርዝር ይድረሰው፤ በዋዜማው ይደወልለት። የመድኃኒት አቅራቢው ሥራ ከተያዘለት ቀን እንዳያዘገይ መጎትጎት ብቻ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፍላጎት አላቸው፤ ጊዜ ግን የላቸውም። ክትባቱም፣ ወባውም፣ የቤተሰብ ዕቅዱም በነሱው ላይ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ሌላ ዘመቻ እንዳይደረብባቸው ጤና መምሪያው ቃል ይግባ። ይህ ካልሆነ ሰንጠረዡ ውስጥ የጻፍነው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ማን ምን ይይዛል

አስተባባሪው፦ የዘጌ አባቶችን እስከ ኅዳር 30 በአካል ያነጋግራል። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ክፍል፦ የታንኳ ሠሪዎችንና የዓሣ አስጋሪዎችን ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም ልብስ አጣቢ እናቶችን በእድራቸው በኩል። የጤና መምሪያው ተወካይ፦ የመድኃኒት ጥያቄውን፣ የትምህርት መምሪያውን ደብዳቤና የጸጥታውን ዝርዝር። ሎጂስቲክስ፦ ጀልባውን። የጀልባው ስምምነት እስከ ታኅሣሥ 20 ካልተፈረመ፣ የዘጌን ድርሻ በመኪና መንገድ የምናደርስበትን አማራጭ ወጪ ሎጂስቲክስ ለኮሚቴው ያቀርባል።

ሰንጠረዡን በጥር 15 መልሰን እናየዋለን። በተለይ የጀልባ ባለቤቶቹና የታንኳ ሠሪዎቹ ቦታ ካልተቀየረ፣ ዕደላው ከመጀመሩ በፊት ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ይጥራ።