በጉማራና በርብ ወንዞች ስለሚራባው ዓሣ የተጻፈው ረቂቅ ደብዳቤ መገምገሚያ

ይህ ማመሳከሪያ የተዘጋጀው፣ በባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ለክልሉ የዓሣ ሀብት ኃላፊዎች የሚልከውን ረቂቅ ለሚመረምሩ ገምጋሚዎች ነው። የደብዳቤው ጥያቄ፣ ነጭ ዓሣ ለመራባት ከጣና ወደ ወንዞቹ በሚወጣበት ክረምት በወንዞቹ መግቢያ ላይ መረብ እንዳይጣል ነው። ገምጋሚው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «አሟልቷል»፣ «ይስተካከል» ወይም «ይውጣ» ብሎ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

ሀ. አግባብነት

1. ጥያቄው በተቀባዩ ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ነው?

2. እያንዳንዱ አንቀጽ ጥያቄውን ይደግፋል? ስለ እምቦጭ የሚናገረው ሦስተኛው አንቀጽ በተለይ ይታይ። እምቦጭ ለሐይቁ ከባድ ፈተና መሆኑ ባያከራክርም፣ ስለ መረብ የሚጠይቅን ደብዳቤ አቅጣጫ ስለሚያስት ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል።

ለ. ግልጽነት

3. «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» የሚለው ርእስ ምን እንደተፈለገ ይነግራል? «በጉማራና በርብ መግቢያ በክረምት መረብ እንዳይጣል ስለመጠየቅ» ቢባል መዝገብ ቤቱም ወደ ማን እንደሚመራው ያውቃል።

4. «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድልን» በሚለው ፈንታ ማን፣ የት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ ተጽፏል?

ሐ. ማስረጃ

ገምጋሚዎች ብዙውን ጊዜያቸውን ለዚህ ክፍል ይስጡ፤ ደብዳቤው ውድቅ የሚሆን ከሆነ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

5. «ምርቱ በግማሽ ቀንሷል» የሚለው ከማኅበሩ የርክክብ መዝገብ ተሰልቷል? የዓሣ ፈላጊው በዐቢይ ጾም ስለሚበዛ የጾም ወርን ከፍስክ ወር ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ወር ከሌላው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ይነጻጸር። የጀልባው ቁጥር ተለውጦ ከሆነም ጠቅላላው ኪሎ ብቻውን ስለማይበቃ፣ አንድ ጀልባ በአንድ ጉዞ ያመጣው ይሰላ።

6. አስጋሪው በዓይኑ ያየው ከሰማው ተለይቷል? ፎቶግራፎቹስ ቀንና ቦታ ተጽፎባቸዋል?

7. ረቂቁ ጥፋቱን ሁሉ በመረብ ላይ ጥሏል። አሸዋ ማውጣትና ለመስኖ ውኃ መጥለፍም ወንዞቹን ስለሚጎዱ፣ «አንዱ ምክንያት» ማለት ከማስረጃው ጋር ይስማማል፤ ባለሙያም በቀላሉ አያፈርሰውም።

8. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ተጠቅሷል፤ ነገር ግን የሚመለከተው አንቀጽ ቁጥር ከነጋሪት ጋዜጣው ጋር ተመሳክሮ ገብቷል?

9. በሕገወጥ ማስገር የተጠረጠሩ ግለሰቦች ስም ከደብዳቤውም ከአባሪውም ወጥቷል?

በማስረጃ ነጥብ ላይ ገምጋሚዎች ካልተስማሙ፣ ጸሐፊው መዝገቡን አቅርቦ እስኪታይ ድረስ ዓረፍተ ነገሩ ከረቂቁ ወጥቶ ይቆያል።