ስለ አንድ የዲሲፕሊን ውሳኔ ለእድራችን አባላት በሙሉ የወጣ ማስታወቂያ

ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

የእድራችን ሥራ አመራር ምክር ቤት እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ባደረገው ስብሰባ በአንድ አባላችን ላይ የዲሲፕሊን ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው በጽሑፍ የደረሳቸው ኅዳር 16 ሲሆን፣ ለይግባኝ የተሰጠው የ15 ቀን ጊዜ ታኅሣሥ 1 አብቅቷል። እኚህ አባል ይግባኝ አልጠየቁም፤ ውሳኔውን መቀበላቸውንም በፊርማቸው አረጋግጠዋል። ማስታወቂያውን እስከ ዛሬ ያዘገየነው ለዚሁ ነው። ይግባኝ ሊባልበት የሚችል ጉዳይ አስቀድሞ በአደባባይ ከተነገረ፣ በኋላ ውሳኔው ቢሻር እንኳ የጠፋ ስም አይመለስም።

ጥፋቱ ይህ ነው። ለእድሩ በቀረበ የክፍያ ማመልከቻ ላይ ከእውነቱ ጋር የማይጣጣም የቤተሰብ መረጃ ተሞልቷል፤ በዚህም የተነሳ መተዳደሪያ ደንባችን ከሚፈቅደው በላይ ገንዘብ ወጪ ሆኗል። ይህ የተገኘው ሦስቱ ሒሳብ ተቆጣጣሪዎቻችን የወጪ ሰነዶችን ከቤተሰብ ዝርዝር ቅጾች ጋር ሲያመሳክሩ ነው። ጠቋሚ አልነበረም፤ ስለዚህ «ማን ተናገረ?» ብሎ ጎረቤትን በጥርጣሬ ማየት አያስፈልግም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አጥብቀን መናገር እንወዳለን። ድንኳን የጣልንበት፣ አብረን የተቀመጥንበትና ያለቀስንበት ሐዘን ሁሉ እውነተኛ ሐዘን ነበር። ስህተቱ ያለው በወረቀቱ ላይ በተሞላው መረጃ ነው። «የእገሌ ለቅሶ ውሸት ነበር ወይ?» የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ አደራ እንላለን፤ እንዲህ ያለው ቃል ምንም ያላጠፉ ሐዘንተኞችን ጭምር ያቆስላል።

የባለጉዳዩን ስም፣ የሚኖሩበትን ሰፈር፣ የገንዘቡን መጠንና ክፍያው የወጣበትን ጊዜ አንገልጽም። አንዳንዶቻችሁ «ስም እስካልተጠራ ድረስ ወሩ ቢነገር ምን አለበት?» ብላችኋል። እድራችን 214 አባላት ያሉት፣ ሁሉም ሰው የሁሉንም ለቅሶ የደረሰበት እድር ነው። ወሩንና መጠኑን ካወቀ፣ ማንም ሰው የለቅሶውን ቁጥር በጣቱ ቆጥሮ ቤቱ ይደርሳል። በዚህ ማስታወቂያ ባለጉዳዩን በአንቱታ የምንጠራቸውም ከአክብሮት ባሻገር ጾታቸው እንዳይታወቅ ነው። የሰው ክብርና መልካም ስም በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 24፣ የግል ሕይወቱም በአንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። እኛም የወሰንነው በደንባችን የተጻፈውን ቅጣት ብቻ ነው፤ በደንባችን ውስጥ ማሳፈር የሚባል ቅጣት የለም።

ስም አለመጥራት ግን ነገሩን መደባበቅ ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሁላችሁም ነው። በጠቅላላ ጉባኤ የመረጣችኋቸው ሦስቱ ሒሳብ ተቆጣጣሪዎች ሙሉ መዝገቡን አይተዋል፤ እያንዳንዱ ተመላሽ ገንዘብ ባንክ መግባቱንም እነርሱ ያረጋግጣሉ። በሐምሌ ወር በሚቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት «ተመላሽ ገቢ» በሚለው መስመር ላይ ከሌሎች ተመላሾች ጋር በአንድ ድምር ይታያል።

ጉዳዩ የታየበትን መንገድ ማወቅ መብታችሁ ነውና በአጭሩ እንገልጻለን። ምክር ቤቱ አንድ ሰብሳቢ ያላቸው ሦስት አጣሪዎችን ሰየመ። ለባለጉዳዩ የተጠረጠረው ነገር ከሰነዱ ቅጂ ጋር፣ በታሸገ ፖስታ፣ በእጃቸው ተሰጣቸው። ደብዳቤው በልጅ ወይም በጎረቤት እጅ አልተላከም። መልስ ለመስጠት 10 ቀን ነበራቸው፤ በጽሑፍ መልሰዋል፣ ከዚያም ራሳቸው የመረጡትን አንድ ሽማግሌ ይዘው ቀርበው ተደምጠዋል። ከምክር ቤቱ ዘጠኝ አባላት መካከል ለጉዳዩ ቅርበት ያላቸው አንድ አባል ከውይይቱም ከድምፅ አሰጣጡም ወጥተዋል። ቀሪዎቹ ስምንት በምስጢር ድምፅ ሰጥተው ውሳኔው ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሆነ ድምፅ ጸድቋል። ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ አይገለጽም።

የተወሰነው የሚከተለው ነው። ያለአግባብ የተከፈለው ገንዘብ ከጥር እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ባሉት ስድስት ወራት፣ በስድስት እኩል ክፍያ፣ ከወርሃዊው የ100 ብር መዋጮ ተለይቶ በቀጥታ በእድሩ የባንክ ሒሳብ ይመለሳል። መዋጮ በሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ላይ የማይከፈለው ሰልፍ የቆመ ሰው እንዳያይ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። ለሁለት ዓመት በእድሩ ውስጥ ለማንኛውም ኃላፊነት አይመረጡም። ማስጠንቀቂያው በታሸገ ፋይል በሰብሳቢ ዳኛውና በጸሐፊው ሁለት ቁልፍ ይጠበቃል፤ በሁለቱ ዓመታት ተመሳሳይ ጥፋት ካልተፈጸመ ከፋይሉ ወጥቶ ይወገዳል። ስድስቱ ክፍያዎች ሲጠናቀቁም የዕዳ ነፃ ወረቀት ይሰጣቸዋል።

በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የመስጠት መብታቸውን አላገድንም። ደንባችን ማገድን ይፈቅዳል፤ በምክር ቤቱም ብዙ ያከራከረው ይኸው ነበር። ነገር ግን በጉባኤያችን ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ሁሉም እጁን ሲያወጣ አንድ ሰው እጁን አጥፎ ቢቀመጥ፣ በዚህ ወረቀት የሸሸግነውን ስም አዳራሹ በአንድ ደቂቃ ያነበዋል።

የለቅሶ አገልግሎት አንድም ቀን አይቋረጥም። እግዚአብሔር አያድርገውና በእነዚህ ስድስት ወራት በባለጉዳዩ ቤት ሐዘን ቢደርስ፣ ልፈፋው፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ሰሃኑ፣ የቀብር ማስፈጸሙም ለማንኛውም አባል እንደሚደረገው ይደረጋል። ደንቡ የሚፈቅደው ገንዘብም በሙሉ ይከፈላል፤ የቀረው ዕዳ ከዚያ ላይ አይቀነስም፤ ይልቁንም የሁለት ወር ክፍያ ወደፊት ይገፋላቸዋል። የትዳር ጓደኛና ልጆች በዚህ ጥፋት ውስጥ የሉበትም፤ የሬሳ ሳጥን ፊት ቆሞ ዕዳ የሚያሰላ እድር እንድንሆን አንፈልግም።

በአንድ ሰው ቅሬታ አለኝ ብሎ ከለቅሶው መቅረት በሰፈራችን የቆየ፣ ከየትኛውም ቅጣት በላይ የሚያም ነገር መሆኑን እናውቃለን። ይህ ውሳኔ ማንም ከማንም ለቅሶ እንዲቀር አያዝም። «እርሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ከቀብር ወይም ከድንኳን የቀረ አባል እንደ ማንኛውም ቀሪ 50 ብር ይቀጣል፤ ያቀረበው ምክንያት ተቀባይነት አይኖረውም።

በቴሌግራም ቡድናችን የሰው ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፎቶ ወይም «የታወቀ ነው» የሚል ግምት የሚጽፍ ሰው መልእክቱ ወዲያው ይሰረዛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በግል ይነገረዋል፣ ከደገመ ጉዳዩ በዲሲፕሊን ይታያል። ግምት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በንጹሕ ሰው ላይ ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ገንዘብ ያዡን ወይም ጸሐፊውን ቡና እየጋበዙ መጠየቅም ሊያስቸግራቸው እንጂ መልስ ሊያስገኝ አይችልም፤ የምክር ቤቱ አባላትና አጣሪዎቹ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርመዋል። ስለ ገንዘብ አጠባበቁ ጥያቄ ያለው አባል ግን ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት በእድሩ ቢሮ ሒሳብ ተቆጣጣሪዎቹን ያግኝ፤ የሚቻለውን ሁሉ ያስረዱታል።

ለተፈጠረው ነገር የምክር ቤቱም ድርሻ አለበት፤ ለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን። የቤተሰብ ዝርዝር ቅጾቻችን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አልታደሱም። ከዚያ በኋላ የተወለደው፣ ያገባው፣ የሞተው በእስክሪብቶ ዳር ዳሩን ሲጻፍ ቆይቷል፤ ማን እንደጻፈው ፊርማ የለውም። ክፍያ ሲፈቀድም ሐዘን የደረሰበትን ሰው ወረቀት መጠየቅ ስለሚከብደን በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ገንዘብ ይወጣ ነበር። የከበደን ነገር ከሰውነት የመጣ ቢሆንም፣ ለስህተትም ለፈተናም በር ከፍቷል።

ስለዚህ ከጥር 1 ጀምሮ ክፍያው በሁለት ይከፈላል። ለቀብር አስቸኳይ ወጪ ግማሹ በዚያው ቀን፣ ያለ ምንም ወረቀት፣ በሰብሳቢ ዳኛውና በገንዘብ ያዡ ጣምራ ፊርማ ይሰጣል። ቀሪው ግማሽ የሚከፈለው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ቅጹ ተመሳክሮ፣ ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የተሰጠ የሞት ምስክር ወረቀት ሲቀርብ ነው። ሞቱ በክፍለ ሀገር ከሆነና ምስክር ወረቀቱ ከዘገየ፣ ከዚያው ቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ ለጊዜው ይበቃል። ሐዘንተኛው ራሱ እንዲመጣ አይጠየቅም፤ የወከለው ሰው ያቀርባል።

ሁሉም አባል ከጥር 1 እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ባሉት ቅዳሜና እሑዶች የቤተሰብ ዝርዝር ቅጹን ያድሳል። የሚያስፈልገው የራስ መታወቂያ ቅጂና ያለው ካለ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀት የሌላቸው፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ አባላት፣ ሁለት የእድሩ አባላትን በምስክርነት ይዘው መቅረብ ይችላሉ። በእግር መምጣት ለማይችሉ ጸሐፊው ቤታቸው ድረስ ይመጣሉ። በቀድሞው ቅጽ ላይ ትክክል ያልሆነ ነገር ያለበት አባል እስከ ጥር 30 ድረስ ራሱ ቢያስተካክል አይጠየቅበትም፤ በዚያ የተነሳ ያለአግባብ የተቀበለው ገንዘብ ካለም መልሶ ይጨርሳል እንጂ ማስጠንቀቂያ አይጻፍበትም።

ይህ ማስታወቂያ ዛሬ በወርሃዊው ስብሰባ አንድ ጊዜ ይነበባል፣ በቢሮው ሰሌዳ ላይ ለ15 ቀናት ይለጠፋል፣ ሙሉ ቃሉም በቴሌግራም ቡድኑ ይላካል። ከመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ማስተላለፍ ትርጉሙን ስለሚያጣምም፣ ለሌላ ማካፈል የሚፈልግ ሙሉውን ያካፍል። ከንባቡ በኋላ በቅጽ እድሳቱና በአዲሱ የክፍያ ሥርዓት ላይ ጥያቄ እንቀበላለን፤ ስለ ባለጉዳዩ ማንነት ለሚነሳ ጥያቄ መድረኩ ክፍት አይሆንም።

የእድሩ ሥራ አመራር ምክር ቤት