«ነገ ነይ» — የአጭር ፊልም የድምፅ ገለጻ ስክሪፕት

ርዝመት፦ 9 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ሦስተኛ ረቂቅ። ቀረፃ የሚገባው ይኼኛው ነው።

ለአንባቢዋ፣ ከመቅረፃችን በፊት

ይህ ፊልም ስለ አንድ እጅ ነው። ንግግሩ ውስጥ ግን እስከ ስድስተኛው ትዕይንት ድረስ ስለ እጁ የሚነሳ ነገር የለም። ሰዓት ጠጋኙ አባትና ልጃቸው ሳራ ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጤና ያወራሉ። የአባትየው እጅ ሌላ ነገር ይናገራል። የሚያይ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። የማያይ ሰው እጁን ማግኘት የሚችለው ካንቺ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ በንግግሩ መሐል ያለው ክፍተት በጠበበ ቁጥር ሌላውን ሁሉ ጥለን እጁን አስቀርተናል። የክፍሉ ቀለም፣ የሳራ ቀሚስ፣ የመስኮቱ ብርሃን ቆንጆ ናቸው፤ ግን ቦታ አጡ።

ረቂቁን ያዳመጠችልን ዓይነ ስውር ገምጋሚ «የትኛው እጅ እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ካልነገራችሁኝ፣ በኋላ ይጠፋብኛል» አለችን። ልክ ናት። «ቀኝ» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ እንዳትውጪው።

አዛውንቱን በአንቱታ እንጠራቸዋለን። ቃሉ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን «ይከፍታሉ» ስትይ እሳቸው፣ «ትከፍታለች» ስትይ ልጃቸው መሆኗ ወዲያው ይታወቃል። ስም እየደጋገምን ሰከንድ አናባክንም።

«አፈሩ»፣ «ደነገጡ»፣ «አዘነች» የሚል አታገኚም። የሚታየውን እንንገር፤ ስሜቱን አድማጩ ራሱ ይድረስበት። ፍጥነትሽ በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ይሁን። «ፈጠን» ያልኩበት ቦታ ብቻ ትንሽ ፍጠኚ። የሚነበበው «ገለጻ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ነው።

ትዕይንት 1፦ መሥሪያ ክፍል፣ ጠዋት

00:00–00:09
አይነበብም። ምስሉ ጨለማ ነው። የብዙ ሰዓቶች ምት ይሰማል። ተመልካቹ የት እንደገባ ጆሮው ይነግረዋል።

00:09–00:21
ገለጻ፦ ጠባብ ክፍል። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ የተለያየ ሰዓት ያሳያል። አንድ አዛውንት ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰዋል። አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር አለ።

00:23–00:34
ገለጻ፦ ከፊታቸው የተከፈተ የእጅ ሰዓት። በቀኝ እጃቸው ወረንጦ ይዘዋል። በወረንጦው መሐል፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ጥርሳም ጎማ። የወረንጦው ጫፍ ይንቀጠቀጣል።

00:34–00:38
አይነበብም። ጎማዋ ወድቃ ስትንከባለል ይሰማል። ድምፁ በጣም ቀጭን ነው። እስትንፋስሽ እንኳን እንዳይሸፍነው።

00:38–00:44
ገለጻ፦ ጎማዋ ወለሉ ላይ ናት። አያነሷትም። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጭምድድ አድርገው ይይዛሉ።

00:45–00:48
ገለጻ፦ የፊልሙ ርዕስ፦ ነገ ነይ።

ትዕይንት 2፦ ደንበኛዋ

00:52
የበር ደወል። ደንበኛ፦ «ደህና አደሩ? ሰዓቴ ደረሰልኝ?»

00:55–00:58
ገለጻ (ፈጠን)፦ አዛውንቱ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

አዛውንቱ፦ «ነገ ነይ።»
ደንበኛ፦ «ትናንትም ነገ ነው ያሉኝ።»

01:04–01:06
አይነበብም። ሁለት ሰከንድ ክፍት ነው፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «አንገታቸውን ይደፋሉ» ብዬ ሞልቼው ነበር። አወጣሁት። ዝም ማለታቸው መልስ ነው፤ እኛ ከተናገርንበት መልሱን እንወስድባቸዋለን።

አዛውንቱ፦ «ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

01:10–01:20
ገለጻ፦ ደንበኛዋ ትወጣለች። አዛውንቱ በግራ እጃቸው መሳቢያ ይከፍታሉ። መሳቢያው በሰዓት ተሞልቷል። እያንዳንዱ ሰዓት ላይ ትንሽ ወረቀት ታስሯል። ሁሉም ላይ «ነገ» ተብሎ ተጽፏል።

ትዕይንት 3፦ ሳራ መጣች

01:41
ከውጭ የሻንጣ ጎማ ድምፅ። ደወል።

01:44–01:50
ገለጻ፦ በሩ ላይ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ቆማለች። ሻንጣ ይዛለች።

ማንነቷን ገና አንናገርም። የሚያየውም ሰው እዚህ ላይ አያውቃትም።

ሴቷ፦ «አባዬ!»
አባት፦ «ሳራ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

01:54–01:58
ገለጻ፦ በግራ እጃቸው ብቻ ያቅፏታል። ቀኙ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ብቻ» የሚለው ቃል አከራክሮናል። አንዱ ባልደረባችን «ይኼ አስተያየት ነው» አለ። እኔ ያስቀረሁት ካሜራው ራሱ ከጀርባቸው ዞሮ ኪሱ ላይ ስለሚቆም ነው። ፊልሙ እያሳየ ነው፤ እኛ አልጨመርንም።

ከ01:58 እስከ 03:10 ንግግሩ አይቋረጥም። አንድ ክፍተት ብቻ አለ።

ሳራ፦ «ያ የላክሁልህ ሰዓቴስ?»

02:36–02:38
ገለጻ (ፈጠን)፦ መሳቢያውን ያያሉ።

አባት፦ «ነገ።»

ትዕይንት 4፦ ማታ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ

03:14–03:19
ገለጻ፦ ማታ። ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሳራ ውሃ ትቀዳላቸዋለች።

ሳራ፦ «ጠጣ እንጂ አባዬ።»
አባት፦ «ይቀመጥ፣ እጠጣለሁ።»

03:27–03:36
ገለጻ፦ ሳራ ተነስታ መጋረጃውን ለመዝጋት ትዞራለች። አባቷ ፈጥነው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያነሳሉ። ውሃው ጠርዙን አልፎ ይፈስሳል።

03:36–03:39
አይነበብም። ብርጭቆው ጠረጴዛውን ደጋግሞ ይመታል። ከላይ ያለው መስመር የተጻፈው ለዚህ ድምፅ ነው። ድምፁ ምን እንደሆነ ቀድሞ ካልታወቀ፣ አድማጩ በር የተንኳኳ ሊመስለው ይችላል።

03:39–03:44
ገለጻ፦ መስኮቱ መስታወት ላይ የአባቷ መልክ ይታያል። ሳራ ፊቷን አልመለሰችም። እያየቻቸው ነው።

ይህን መስመር ረጋ ብለሽ አንብቢው። ከዚህ በኋላ ሳራ ታውቃለች። እሳቸው ግን ማወቋን አያውቁም። ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም መያዝ አለባቸው።

ሳራ፦ «ነገ ቀደም ብዬ እነሳለሁ።»
አባት፦ «የት ልትሄጂ?»
ሳራ፦ «የትም።»

ትዕይንት 5፦ ሌሊት

04:20–04:32
ገለጻ፦ ሌሊት። ሳራ በባዶ እግሯ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ትገባለች። መሳቢያውን ትከፍታለች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታነባለች። ቀይ ማሰሪያ ያለው ትንሽ ሰዓት ጋ ስትደርስ ትቆማለች።

04:34–04:38
ገለጻ፦ ወረቀቱ ላይ፦ «የሳራ። ነገ።» ፊደሎቹ ተንጋድደዋል።

04:38–04:55
አይነበብም። የሰዓቶቹ ምት፣ ከዚያ የወንበር ድምፅ። እዚህ ብዙ ቦታ አለን። ፊቷን መግለጽ፣ እንባ አለ የለም ማለት እንችል ነበር። እንባ የለም። ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው። እኛም ዝም እንበል።

04:55–05:00
ገለጻ፦ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ትስባለች። ከአባቷ ወንበር ጎን ታስቀምጠዋለች።

ትዕይንት 6፦ ንጋት

05:12–05:18
ገለጻ፦ መስኮቱ ነግቷል። አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀይ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

አባት፦ «ማን ነካው?»
ሳራ፦ «እኔ። ና ተቀመጥ።»
አባት፦ «ዛሬ አልሠራም።»
ሳራ፦ «አባዬ፣ እጅህን አይቼዋለሁ።»

05:31–05:38
አይነበብም። ሰባት ሰከንድ። ረጅም ዝምታ ነው። የሚታየውም የሁለቱ ፊት ብቻ ነው፤ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም።

05:38–05:43
ገለጻ፦ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ይንቀጠቀጣል።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አታያይዣቸው። በመሐል አንድ ሰከንድ ስጪ።

ሳራ፦ «አንተ ያዘው። እኔ አንተን እይዛለሁ።»

05:49–05:59
ገለጻ፦ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አባቷ ማጉያ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ። በቀኝ እጃቸው ወረንጦውን ያነሳሉ። ሳራ የእጅ አንጓቸውን በሁለት እጇ ትይዛለች።

ከ06:00 እስከ 07:40 ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ክፍተት ስላለ ብቻ አንሞላውም። አራት መስመር ይበቃዋል።

06:08–06:12
ገለጻ፦ ወረንጦው ጥርሳሟን ጎማ ያነሳል። ጫፉ ይርገበገባል።

06:24–06:29
ገለጻ፦ ሳራ እጇን ታጠብቃለች። የወረንጦው ጫፍ ቀስ በቀስ ይረጋል።

አባት፦ «ትንሽ ዝቅ።»

06:41–06:46
ገለጻ፦ ጎማዋ ትወርዳለች። ቀዳዳዋን ትስታለች። እንደገና ያነሷታል።

ይህ መስመር እንዳይቀር አደራ። ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና መሞከራቸው ድምፅ የለውም። ከዘለልነው በመጀመሪያው ሙከራ የገባች ይመስላል፤ ድካማቸው ይጠፋል።

07:05–07:08
ገለጻ (ረጋ)፦ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች።

07:08–07:40
አይነበብም። ብሎን ይጠብቃል፣ ሞላው ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ሰዓቱ መምታት ይጀምራል። መጀመሪያ ብቻውን ይሰማል፤ ኋላ ከግድግዳው ሰዓቶች ጋር ይቀላቀላል። ለድምፅ አቀናባሪው፦ ከዚህ በፊት ባለው መስመር የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ስታደርግ በዝግታ መልሰው። ያ የመጀመሪያ ምት ሙሉ ሆኖ መሰማት አለበት።

ሳራ፦ (ትስቃለች) «ይሄዳል!»
አባት፦ «ይሄዳል።»

07:46–07:53
ገለጻ፦ ሳራ ወረቀቱን ከሰዓቱ ትፈታለች። ሰዓቱን ግራ እጇ ላይ ታስራለች። ከመሳቢያው ሌላ ሰዓት ታወጣለች።

ትዕይንት 7፦ ደወሉ

08:10
የበር ደወል።

ደንበኛ፦ «ደህና አደሩ? ዛሬስ ደረሰልኝ?»

08:14–08:20
ገለጻ፦ አባትና ልጅ ቀና ይላሉ። የአዛውንቱ ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነው። ይንቀጠቀጣል። ኪሳቸው አልከተቱትም።

08:20
ምስሉ ይጨልማል። ሲመልሱ አንሰማም።

08:23–08:25
ገለጻ፦ ጨለማ። ነጭ ጽሑፍ ያልፋል።

08:25–09:20
አይነበብም። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር በሚያልፍበት ጊዜ የሰዓቶቹ ምት ብቻ ይሰማል፤ አሁን ሁሉም በአንድ ላይ ይመታሉ። ስሞቹን ከፊልሙ መጨረሻ በኋላ ለብቻው እንቀርፃቸዋለን።