ኤአይው ፎቶ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም?

ሰላም ለእናንተ፣ እንደምን ናችሁ። የምጽፍላችሁ ከውጭ አገር ነው። ቻታችሁ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት እዚህ ሌሊት ስለሆነ ነው በኢሜይል የመጣሁት፣ ሁለቴ አላርም ሞልቼ ተነስቼ ነበር፣ ሁለቴም ወረፋ እየጠበቅኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጥያቄዋ አጭር ናት፣ ነገሩን ለማስረዳት ነው የሚረዝምብኝ። የማስታወሻ ፕሮግራማችሁ ላይ አዲስ ያስገባችሁት ኤአይ ፎቶ ይቀበላል?

ሥራዬ የማሽን ጥገና ነው። የምሠራውን ሁሉ ደብተር ላይ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም እጄ ዘይት ሆኖ ስልክ መንካት አይመቸኝም። አሁን አራት ደብተር ሞልቷል፣ ወደ 340 ገጽ ይሆናል፣ እና የምፈልገው ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ላስገባና «የሁለተኛው ፓምፕ ቤሪንግ መጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው» ብዬ ስጠይቅ እንዲመልስልኝ ነው። ቁጭ ብዬ 340 ገጽ ልተይብ ብል ጡረታ እወጣለሁ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ስልኬ ላይ የማያያዣዋን ምልክት ስነካ ፎቶዎቹ በሙሉ ደብዝዘው ይታያሉ፣ የሚመረጠው ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ IMG_2291.HEIC የሚለውን ጎትቼ ስጥለው "Unsupported file type" አለኝ። እሺ ብዬ ወደ .jpg ቀየርኩት፣ በዚህ ጊዜ ገባ! ፎቶው ማስታወሻው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ደስ ብሎኝ ኤአይውን ስጠይቀው ግን ማስታወሻው ባዶ ነው አለኝ። ፎቶውን ፒዲኤፍ አድርጌም ላክሁት፣ ያው ነው፣ ለነገሩ እሱ እንኳን ይገባኛል፣ ፒዲኤፍ ቢባልም ውስጡ ያለው ያው ፎቶ ነው እንጂ ጽሑፍ የለውም። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው፦ ማስታወቂያችሁ ላይ አንድ ሰው የነጭ ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ ኤአይው ሲያሳጥርለት ይታያል። ታዲያ እሱ የሚጠቀመው የቱን ነው? የከፈለ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ወይስ እኔ ያለሁበት አገር ገና አልደረሰም፣ ወይስ ቨርዥኔ አሮጌ ነው? ሴቲንግ ውስጥ 5.2.1 ይላል። የምጠቀመው ነፃውን የሙከራ ጊዜ ነው፣ 9 ቀን ቀርቶኛል፣ የዓመቱን ልክፈል ወይስ ልተው የሚለው በዚህ መልስ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ጥቂት ልጨምርባችሁ፣ አትሰልቹኝ። አንድ ፎቶ እስከ ስንት ሜጋባይት ይፈቀዳል፣ በአንዴስ ስንት ማስገባት ይቻላል? አንድ በአንድ ከሆነ ንገሩኝና ልተወው። ሳስገባው በራሳችሁ ታሳንሱታላችሁ ወይ? ፎቶው ሲያንስ የእርሳስ ጽሑፍ ይጠፋል። ስልኩን አግድም ይዤ ያነሳኋቸው ላይስ ገጹ ተጋድሞ ነው ወይ የሚያነበው፣ ሌላ ፕሮግራም ላይ እንደዛ ሆኖብኝ አንገቴ ታሞ ነበር።

ይሄኛው ግን ከሁሉም ይከብደኛል፦ የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ይሄዳል፣ የእኔ ፎቶዎች ደግሞ የሚነሱት ሰው ድርጅት ውስጥ ነው። ቦታውን ታጠፉታላችሁ? ፎቶዎቹ እናንተ ጋ ይቀመጣሉ? እኔ ሳጠፋቸውስ ከእናንተም ዘንድ ይጠፋሉ? ኤአይውን ለማሠልጠን የምትጠቀሙባቸው ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ፣ ደንባችሁን አንብቤው ነበር፣ «አገልግሎቱን ለማሻሻል» የሚለው ምን ምን እንደሚጨምር አልገባኝም።

የእጅ ጽሑፌ አማርኛ ነው፣ የዕቃ ቁጥሮቹ ደግሞ በፈረንጅ ፊደል መሃል መሃል ይገባሉ። የእኔን «ቀ» እና «ቁ» እኔም አንዳንዴ እጠራጠራለሁ፣ ስለዚህ መቶ በመቶ ያንብብ አልልም። ማንበብ ሲያቅተው «አልተነበበኝም» ይላል ወይስ ገምቶ ይሞላል? እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።

አንድ ገጽ አያይዤላችኋለሁ፣ ምስጢር የለበትም፣ እናንተው ሞክሩት። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ የአውራ ጣቴ የዘይት አሻራ አለ፣ አሻራው ሥር ያለው የቤሪንግ ቁጥር 6207 ነው። 7ቷ በደንብ አትታይም፣ 6201 ብሎ ካነበበው የ35 ሚሊሜትር ዘንግ ይዤ የ12 ሚሊሜትር ቤሪንግ ላዝዝ ነው ማለት ነው። ምን ብሎ እንዳነበበው ስክሪንሹቱን ላኩልኝ፣ በዚሁ ኢሜይል ይደርሰኛል፣ ቻት ላይ ግባ ብቻ እንዳትሉኝ።

አመሰግናለሁ
የሙከራ ጊዜው ሊያልቅበት የደረሰ ደንበኛችሁ