ከሥራ በፊት አክሲዮን የምነግድበት ዕቅድ

ሒሳቤ 6,000 ዶላር ነው፤ የቤት ኪራይ ገንዘብ እዚህ አይገባም። ሥራ የምጀምረው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ የምነግደው በኒውዮርክ ሰዓት ጠዋት ከ9፡45 እስከ 11፡00 ብቻ ነው።

መግቢያ፦ ዋጋቸው ከ20 እስከ 60 ዶላር የሆነ፣ ገበያቸው የደራ አክሲዮኖች። የ5 ደቂቃው ካንድል ገበያው ከተከፈተባቸው የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከፍተኛ ዋጋ በላይ ሲዘጋ እገዛለሁ። ካመለጠኝ አላሳድድም።

በአንድ ግብይት ቢበዛ 30 ዶላር ልክሰር። ስቶፕ ሎሱ ከመግዣዬ 60 ሳንቲም ዝቅ ካለ፣ 50 አክሲዮን ማለት ነው። ስቶፑ ከግዢው ትዕዛዝ ጋር አብሮ ይገባል፤ ምንም ቢመጣ ወደ ታች አይወርድም። ከሁሉም የማከብረው ሕግ ይኼ ነው።

መውጫ፦ ትርፉ 60 ዶላር ሲሞላ። ካልሞላም 11፡00 ላይ ሁሉም ይሸጣል። ካሽ አካውንት ስለሆነ የሽያጩ ገንዘብ የሚጣራው በማግስቱ የሥራ ቀን ነው፤ ባልተጣራ ገንዘብ አልገዛም።

የቀን ኪሳራ ገደብ፦ 60 ዶላር። እዚያ ስደርስ አፑን እዘጋለሁ፤ የከሰርኩትን ላስመልስ ብዬ በዚያ ቀን ዳግም አልገባም።